ለሽልማቱ ሰው ጎረፈ፣ መጋረጃ የሚገዛ ግን ጠፋ፦ ችግሩና መፍትሄው

ደሴ ፒያሳ ያለ አንድ የመጋረጃ ሱቅ «ገጻችንን ላይክና ሼር አድርጉ፣ ስማርት ስልክ ተሸለሙ» ብሎ ለጠፈ እንበል።

ችግር፦ ተሳታፊው ብዙ ነው፣ ሱቅ የሚመጣ ግን የለም

ምክንያቱ ሽልማቱ ነው። ስልክ የማይፈልግ ሰው የለም፤ ስለዚህ ከተመዘገበው ውስጥ ማን መጋረጃ እንደሚፈልግ መለየት አይቻልም። ለማረጋገጥ ኮሜንት ከሰጡት የሃያ ሰው ገጽ ክፈቱ። የሌሎች ሱቆችን የሽልማት ማስታወቂያ ሼር ከማድረግ ውጭ ሌላ ነገር የማይታይበት ከበዛ፣ የመጡት ለስልኩ ነው።

ሽልማቱን መጋረጃ ለሚፈልግ ብቻ የሚጠቅም አድርጉት፦ እስከ 2 ሜትር ስፋት ላለው አንድ መስኮት ጨርቅ፣ ስፌትና ዘንግ፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ቤት ድረስ ሄዶ መስቀልን ጨምሮ። ሽብሽቡ እንዲያምር የጨርቁ ስፋት የመስኮቱን እጥፍ ያህል ስለሚሆን ለ2 ሜትር መስኮት 4 ሜትር ያዙ፤ ወጪውንም በዚሁ አስሉ። የስፋቱን ልክ ካልጻፋችሁ አሸናፊው የሳሎኑን ትልቁን መስኮት ይዞ ይመጣል፣ ጭቅጭቁም ሰው ሁሉ በሚያየው ኮሜንት ላይ ይሆናል። በገንዘብ እንደማይቀየርም ግለጹ። አንድ መስኮት ብቻ መሸለሙ ሌላም ጥቅም አለው፤ አንዱ ካማረለት ሰው የቀሩትንም ተመሳሳይ ማድረግ ይፈልጋል።

ችግር፦ ሽልማቱ ተስተካክሏል፣ አሁንም የማይገዛው በዝቷል

መግቢያው ስለቀለለ ነው። ላይክ ማድረግ ምንም አያስከፍልም። በላይክ ፋንታ በቴሌግራም ሦስት ነገር ይላኩላችሁ፦ የመስኮቱ ፎቶ፣ ቁመትና ስፋቱ በሴንቲሜትር፣ መቼ ለመስቀል እንዳሰቡ። ሜትር አውጥቶ የሚለካ ሰው መጋረጃው ያስፈልገዋል። የተሳታፊው ቁጥር በጣም ይወርዳል፤ አትደንግጡ፣ የተፈለገው ይኸው ነው። ሦስተኛው መልስ ደግሞ ገዢውን በግልጽ ያሳያል፦ «ለአረፋ» ወይም «ቤቱን ቀለም ቀብተን ስንጨርስ» ያለው የቅርብ ገዢ ነው፣ «ካሸነፍኩ» ያለው ግን አይደለም። ከሦስት በላይ ግን አትጠይቁ፤ ያኔ እውነተኛው ገዢም ይሰለቻል።

ዕጣ ከማውጣታችሁ በፊት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ብሔራዊ ሎተሪን ጠይቁ።

ችግር፦ ዕጣው ወጣ፣ ሁሉም ዝም አለ

ለአሸናፊው እንኳን ደስ አለዎት ተብሎ ሌላው ስለተረሳ ነው። ልኩ ግን በእጃችሁ አለ። በማግስቱ ላልደረሳቸው በየስማቸው ጻፉ፦ «ለላኩልን 1 ሜትር ከ60 መስኮት ጨርቁ 3 ሜትር ከ20 ይሆናል፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው፤ በ10 ቀን ውስጥ ካዘዙ ስፌቱን አናስከፍልም።» «ለሁሉም ቅናሽ አለ» ብሎ መለጠፍ ይህን አይተካም፣ ምክንያቱም ሰውየው የራሱን መስኮት ዋጋ አያገኝበትም። የቀን ገደቡንም አክብሩ፤ በ11ኛው ቀን ስፌት በነጻ ከሰጣችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ማንም አይቸኩልም።

ያዘዘውን ሁሉ ደብተር ላይ ከዕጣው የመጣ መሆኑን ምልክት አድርጉበት። በ10ኛው ቀን ማታ የሽልማቱንና የነጻ ስፌቱን ወጪ ደምሩና ምልክት ካለባቸው ትዕዛዞች ትርፍ ጋር አስተያዩ።