ኢንቨርሱ ራሱ ሆኖ ሲመጣ

ትናንት ማታ ደሴ ቤታችን ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ነበር። 11ኛ ክፍል የምትማረው እህቴ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ወንድምዬ፣ ሦስት ጊዜ ሠራሁት፤ የጀመርኩበት ይመጣብኛል!»

ጥያቄው የ f(x) = (3x+2)/(x−3) ኢንቨርስ ነው። እኔም ተሳስታለች ብዬ እንደገና ሠራሁት።

y(x−3) = 3x+2 ብዬ ጀመርኩ። ሲበተን xy − 3y = 3x + 2 ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ x ያለባቸው ሁሉ ወደ አንድ ወገን መምጣት አለባቸው። xy − 3x = 3y + 2፣ ማለትም x(y−3) = 3y+2። ስለዚህ x = (3y+2)/(y−3)። ያው ራሱ!

በቁጥር ፈተሽነው። 4 ስናስገባ 14 ወጣ። 14 ስናስገባ ደግሞ 44/11፣ ማለትም 4። ልጅቷ ልክ ነበረች።

ምክንያቱ ግራፉ ላይ ይታያል። ኢንቨርስ ማለት ግራፉን በ y = x መስመር ላይ ማጠፍ ነው። ሲታጠፍ ቋሚውና አግድሙ አሲምፕቶት ቦታ ይለዋወጣሉ። እዚህ ግን x = 3 እና y = 3 ናቸው፤ ቢለዋወጡም ለውጥ የለም። ወረቀቱን በመስመሩ ላይ አጥፈን መስኮቱ ላይ አየነው፤ ኩርባው በራሱ ላይ ተኛ።

(2x+1)/(x−3) ላይ ግን አይሠራም። አሲምፕቶቶቹ x = 3 እና y = 2 ስለሆኑ ኢንቨርሱ (3x+1)/(x−2) ነው። በ (ax+b)/(cx+d) ላይ c ዜሮ ካልሆነ፣ ራሱን የሚመልሰው a + d = 0 ሲሆን ነው። ad = bc ከሆነ ግን ፈንክሽኑ አንድ ቁጥር ብቻ ስለሚሰጥ ኢንቨርስ የለውም።

በረካው እስኪደርስ እህቴ አራተኛ ጊዜ ሠርታዋለች፤ ለደስታ።