«እስቲ አሳጥረህ ላክልኝ» ብቻ ተብሎ የመጣ ረጅም ስካን ደብዳቤ እንዴት ይጠቃለላል?

ቴሌግራም ላይ ባለ 7 ገጽ ደብዳቤ ይመጣል። ከስሩ «እስቲ አሳጥረህ ላክልኝ» ይላል፣ አለቀ። ለምን እንደተፈለገ፣ ማን እንደሚያነበው፣ ሁለት መስመር ይሁን ግማሽ ገጽ የተባለ ነገር የለም። መልሳችሁ ብትጠይቁም ብዙ ጊዜ የምታገኙት መልስ «ዋና ዋናውን ብቻ» የሚል ነው።

ደግነቱ የእኛ አገር ደብዳቤ የተወሰነ ቅርጽ አለው። ላኪው ያልነገራችሁን ዓላማ ከደብዳቤው ላይ ማግኘት ይቻላል። የት እንደሚገኝ ካወቃችሁ ማለቴ ነው።

ለማሳያ እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንውሰድ። የጻፈው አንድ የመኖሪያ ቤት ሠሪዎች ማህበር ነው፣ ለአባላቱ። የላከችላችሁ ደግሞ አሜሪካ የምትኖር የአክስታችሁ ልጅ ናት።

መጀመሪያ ገጾቹን ቁጠሩ

ከማንበባችሁ በፊት ገጾቹ ተሟልተው መምጣታቸውን እዩ። የገጽ ቁጥር ካለ ቀላል ነው። ከሌለ የእያንዳንዱን ገጽ የመጨረሻ ቃል ከሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል ጋር አገናኙት። በእኛ ደብዳቤ ገጽ 3 የሚያልቀው «የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ» ብሎ ነው። የሚቀጥለው ምስል ላይ ግን ስለ ክፍያ ነው የሚወራው። ስለዚህ ገጽ 4 የለም።

«አባሪ» የሚል ቃልም ፈልጉ። ገጽ 5 ላይ «የእያንዳንዱ አባል ቀሪ ክፍያ በአባሪው በተመለከተው መሠረት» ይላል፤ አባሪው ግን አልተላከም። ለልጅቷ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋት ወረቀት ምናልባት እሱ ነው።

ጽሑፉ ከደበዘዘ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንድትልክላችሁ ጠይቋት። ቴሌግራም ፎቶን ይጨምቀዋል፤ ማህተም ያረፈበት ቁጥር ደግሞ ያኔ ጭራሽ አይነበብም።

ከመጨረሻው ጀምራችሁ አንብቡ

«ጉዳዩ፡-» የሚለው መስመር ላይ ብዙ አትመኩ። የእኛው ደብዳቤ «ጉዳዩ፡- መረጃ ስለመስጠት» ይላል። ውስጡ ግን ገንዘብ ነው የሚጠይቀው።

እውነተኛው ዓላማ ያለው «ስለሆነም» ወይም «በመሆኑም» ብሎ የሚጀምረው አንቀጽ ውስጥ ነው፤ በተለይ ማሰሪያ አንቀጹ ላይ። «እናሳውቃለን» ከሆነ ከአንባቢው የሚፈለግ ነገር ላይኖር ይችላል። «እንጠይቃለን» ካለ አንድ ነገር ይፈለጋል። «እናሳስባለን» ካለ ብዙ ጊዜ ቀነ ገደብ አለው፣ ፈልጉት። «እናስጠነቅቃለን» ከሆነ ደግሞ ከዚያ በፊት የተጻፈ ደብዳቤ ሳይኖር አይቀርም። የእኛው «ክፍያውን እንድትፈጽሙ በጥብቅ እናሳስባለን» ብሎ ነው የሚዘጋው። ስለዚህ የማጠቃለያው አከርካሪ ይህ ነው፦ ስንት፣ እስከ መቼ፣ ካልሆነስ?

ቀጥሎ «ግልባጭ» የሚለውን እዩ። የላከችላችሁ ሰው ደብዳቤው የተጻፈላት ናት፣ ግልባጭ የደረሳት ናት ወይስ እንዲሁ እጇ የገባ ነው? ለማን እንደምትጽፉ የሚነግራችሁ ይህ ነው። እዚህ «ለማህበሩ አባላት በሙሉ» ስለሚል፣ እሷም አባል ስለሆነች፣ የምትጽፉት ለከፋይ ነው።

ቁጥሮቹንና ግሶቹን አጥብቃችሁ ያዙ

ስካን ላይ ስህተት የሚገባው እዚህ ነው። የብሩ የመጀመሪያ አሃዞች ላይ ማህተም አርፎ የሚታየው «…5,000» ብቻ ነው እንበል። አትገምቱ። ገንዘብ ብዙ ጊዜ በፊደልም ይጻፋልና አጠገቡ እዩ፦ «አንድ መቶ ሰማንያ አምስት ሺህ»። ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱንም ጻፉ እንጂ አንዱን አትምረጡ።

ቀኑ 05/03/2017 ይላል። አሜሪካ ያለ ሰው ሜይ 3፣ 2017 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ደብዳቤው ግን በኛ አቆጣጠር ነው፤ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማለትም ኖቬምበር 14፣ 2024። ሁለቱንም ጻፉላት። ቀነ ገደቡ «ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ በ30 ቀናት ውስጥ» ነው። «ጀምሮ» ስለሚል ያንኑ ቀን ከቆጠርን ታኅሣሥ 4 ያልቃል፤ ካልቆጠርነው ታኅሣሥ 5። ቀደም ያለውን ስጧት። «ከደረሰበት ቀን ጀምሮ» ቢል ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያኔ ደብዳቤው መቼ እንደደረሳት መጠየቅ አለባችሁ።

የግሶቹ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ገጽ 2 ላይ ጠቅላላ ጉባኤው ስለ ጭማሪው «ተወያይቷል» ይላል። «ወስኗል» አይልም። የወሰነው ኮሚቴው ነው። አሳጥራለሁ ብላችሁ «ጉባኤው ወሰነ» ካላችሁ ልጅቷ ልትከራከርበት የምትችለውን ነገር ቆርጣችሁ ጣላችሁባት።

ጽሑፉን በኮምፒውተር ወደ ፊደል መቀየር ከፈለጋችሁ ቴሰራክት የሚባለው ፕሮግራም የአማርኛ ፋይሉ አብሮ ከተጫነ አማርኛ ያነባል፦

```
tesseract page-5.png page-5 -l amh
```

የሚወጣውን ግን ቃል ለመፈለጊያ ብቻ ተጠቀሙበት። ለ እና ሰ ሲደበዝዙ ይቀያየራሉ። አማርኛ ደግሞ አሉታውን ግሱ ራስ ላይ ነው የሚሸከመው። «ተመላሽ ይሆናል» እና «ተመላሽ አይሆንም» የሚለያዩት ዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ ባሉ ጥቂት ፊደላት ነው። ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጫፉ ከምስሉ ላይ በዓይን ይታይ። የሰው ደብዳቤ ስለሆነም የማታውቁት ድረ ገጽ ላይ ጭናችሁ አታስቀይሩ።

ርዝመቱን በስልክ ስክሪን ለኩ

ካልተነገራችሁ አንድ የስልክ ስክሪን ይበቃል። ላዩ ላይ የሚፈለገውን፣ ቀጥሎ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ የጎደለውን፣ መጨረሻ ላይ ምን ገምታችሁ እንደጻፋችሁት። የገጽ ቁጥር ጨምሩ፤ ማጣራት ከፈለገች ሰባቱን ገጽ አታገላብጥም። የእኛው እንዲህ ይወጣል፦

«ማህበሩ ኅዳር 5/2017 (ኖቬምበር 14፣ 2024) ለአባላት በሙሉ የጻፈው ነው። እያንዳንዱ አባል ተጨማሪ 185,000 ብር እንዲከፍል ይጠይቃል። ግማሹ፣ 92,500 ብር፣ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ እስከ ታኅሣሥ 4 (ዲሴምበር 13) ያዢው። ያልከፈለ ድርሻው ለተጠባባቂ ይተላለፋል ይላል (ገጽ 5)። ምክንያቱ የብረትና የሲሚንቶ መወደድ ነው። ውሳኔው የኮሚቴው ነው፤ ጉባኤው ተወያይቷል እንጂ ወስኗል አይልም (ገጽ 2)። ገጽ 4 እና አባሪው አልደረሱኝም። ያንቺ ቀሪ ክፍያ አባሪው ላይ ስለሆነ ላኪልኝ። ልክፈል አልክፈል ለማለት የፈለግሽው መስሎኝ ነው እንዲህ ያዘጋጀሁት፤ ለሌላ ከሆነ ንገሪኝ።»

መግቢያው ላይ ያለው ምስጋና፣ የማህበሩ ታሪክ፣ «እንደሚታወቀው» ብሎ የሚጀምረው ሁሉ ቀርቷል። ማንም አይፈልገውም።

ያቺ የመጨረሻ መስመር ጥቅም አላት። «ለምን ፈለግሽው?» ሲባል የማይመልስ ሰው የተሳሳተ ግምት ሲያይ ቶሎ ያርማል። «አይ፣ ለጠበቃ ልሰጠው ነው» ካለች ማጠቃለያው ብቻውን አይበቃም። ለጠበቃ ዋናው ስካን ተሟልቶ ይሄዳል፣ ገጽ 4 እና አባሪው ጭምር። ከእናንተ የሚጠበቀው በውስጡ የተጠቀሱትን ቀኖችና የቀድሞ ደብዳቤዎች ቁጥር በቅደም ተከተል ማውጣት ነው። «ለእማዬ ላስረዳት ነው» ካለች ደግሞ ወረቀቱን ትታችሁ በድምፅ መልእክት ላኩላት፤ ብሩን፣ ቀኑንና ካልተከፈለ የሚመጣውን ብቻ።