ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት የቻርጀሩን ፎቶ አንብቡ

ዛሬ ስለ አንድ ዕቃ ብቻ ነው የምናገረው፤ በኢንተርኔት ስለሚሸጥ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር። ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳይመረምር ይገዛዋል። አስመስለው የሠሩት ቻርጀር ግን ገንዘብ አባክኖ ብቻ አይቀርም፤ ኤሌክትሪክ ሊያስይዝ፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ደግነቱ የቻርጀር ጀርባ በጽሑፍ የተሞላ ነው። ያንን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሸማች ዕቃውን በእጁ ሳይነካ ብዙ ነገር ማወቅ ይችላል። ስለዚህ ፎቶው ላይ የሚታየውን ችግር እያነሳሁ፣ መነሻውንና መፍትሄውን እነግራችኋለሁ።

ችግር፦ ጀርባው አይታይም፣ ወይም ጽሑፉ አይነበብም

ሻጩ ያወጣው የፊት ገጹን ብቻ ከሆነ፣ ፎቶው ከአምራቹ ማስታወቂያ የተወሰደ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጀርባው ላይ እንዳይታይ የተፈለገ ነገር አለ። ሁለቱም ቢሆኑ መፍትሄው አንድ ነው፤ አዲስ ፎቶ ጠይቁ። ጀርባው በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከቅርብ ይነሳ። ከዕቃው አጠገብ ደግሞ እናንተ የመረጣችሁት አንድ ቃል በእጅ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይቀመጥ። ከሌላ ቦታ የተወሰደ ፎቶ ይህ ቃል ሊኖረው አይችልም። ዕቃው በእጁ ላለ ሰው ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ እምቢ ካለ ክፍያውን ተዉት።

ፎቶው ሲመጣ አጉልታችሁ እዩት። ሁሉም ጽሑፍ እኩል ከደበዘዘ ጥፋቱ የካሜራው ወይም የመላኪያው ነው፤ መልእክት መላኪያዎች ፎቶ ስለሚያሳንሱ በፋይል መልክ እንዲልክላችሁ ንገሩት። ቁጥሮቹ ጥርት ብለው እየታዩ የምርት ስሙ ብቻ ከደበዘዘ፣ ወይም በስሙ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ ቀለም ከቀረው ከተለየ ግን ፎቶው ላይ እጅ ገብቶበታል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ችግር፦ ማስታወቂያው የሚለውና ጀርባው የሚለው አይገጥምም

ብዙ ሰው የማያየው፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምተማመንበት ምርመራ ይህ ነው። ዓርማ በቀላሉ ይገለበጣል፤ እርስ በርሳቸው የሚስማሙ ቁጥሮች ለመጻፍ ግን ዕቃውን ማወቅ ይጠይቃል። ርዕሱ «65 ዋት ፈጣን ቻርጀር» የሚል ማስታወቂያ አለ እንበል። የጀርባው ፎቶ እንዲህ ይነበባል፦

```
INPUT: 100-240V 50/60Hz 0.5A
OUTPUT: 5V 3A / 9V 2A / 12V 1.5A
```

የመጀመሪያው መስመር ከግድግዳው የሚወስደውን፣ ሁለተኛው ለስልኩ የሚሰጠውን ይናገራል። ቮልቱን በአምፔሩ ስናባዛ ዋቱን እናገኛለን። 5 በ3 ሲባዛ 15፣ 9 በ2 ሲባዛ 18፣ 12 በ1.5 ሲባዛም 18 ነው። ሦስቱ አይደመሩም፤ ቻርጀሩ በአንድ ጊዜ ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ 65 ዋት የተባለው ዕቃ በራሱ ምስክርነት ከ18 ዋት አያልፍም። ስልክ ይሞላል፤ 65 ዋት የሚፈልግን ላፕቶፕ ግን አይችለውም።

አሁን ደግሞ ሻጩ ነቃ ያለ ነው እንበል፤ ሁለተኛው መስመር ላይ 20V 3.25A የሚል ጽሑፍ አለ። ተባዝቶ ልክ 65 ይመጣል፤ የእውነተኞቹ 65 ዋት ቻርጀሮች የተለመደ ቁጥርም ነው። ታዲያ ወደ መጀመሪያው መስመር ተመለሱ። ዝቅተኛው ቮልት 100፣ አምፔሩ 0.5 ነው፤ ሲባዛ 50 ይሆናል። 50 የሚወስድ ዕቃ 65 ሊሰጥ አይችልም፤ እንዲያውም ከሚወስደው ላይ ጥቂቱ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። እውነተኛ 65 ዋት ቻርጀር በዚህ ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 አምፔር በላይ ይጽፋል። ቁጥሩን የጨመረው ሰው አንዱን መስመር አስተካክሎ ሌላውን ረስቶታል ማለት ነው።

መፍትሄው የሞዴል ቁጥሩን ከጀርባው ፎቶ ላይ ወስዶ በአምራቹ ድረ ገጽ መፈለግ ነው። ከሻጩ መግለጫ ላይ አትውሰዱት፤ መግለጫውን የጻፈው ሻጩ ራሱ ነው። ሞዴሉ ከሌለ፣ ወይም ኖሮ ዋቱ የተለየ ከሆነ አትክፈሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሁለትና ሦስት መሰኪያ ያላቸው ቻርጀሮች ለየመሰኪያው የተለያየ ቁጥር፣ ለጠቅላላው ደግሞ ሌላ ቁጥር ይጽፋሉ። የአንዱ መሰኪያ ቁጥር ማነሱ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም።

ችግር፦ የደኅንነት ምልክቱ ቅርጹን ስቷል

በአውሮፓ ገበያ ለሚሸጥ ቻርጀር የሚደረገው CE የተባለው ምልክት የታወቀ ልክ አለው። ሁለቱም ፊደላት ከክብ የተወሰዱ ናቸው። የCን ክብ በሐሳባችሁ ሙሉ አድርጋችሁ ብትስሉት፣ የውጭ ጠርዙ የEን ጀርባ ውፍረት አቋርጦ ልክ እስከ ውስጠኛው ጠርዝ ይደርሳል እንጂ ከዚያ አያልፍም። የE መካከለኛ ክንድም ከላይኛውና ከታችኛው ያጥራል። ፊደላቱ ተጣብቀው ከታዩ ወይም ሦስቱ ክንዶች እኩል ከሆኑ፣ ምልክቱ በልኩ አልተሠራም። የተጣበቀው ቅርጽ «የቻይና ኤክስፖርት» የሚል ሌላ ሕጋዊ ምልክት ነው የሚል ወሬ በስፋት ይናፈሳል፤ የአውሮፓ ኮሚሽን ግን እንዲህ ያለ ምልክት እንደማያውቅ ገልጿል።

ቅርጹ ትክክል ቢሆንስ? እዚህ ላይ እንዳትዘናጉ አደራ እላለሁ። CEን ዕቃው ላይ የሚያደርገው አምራቹ ራሱ ነው፤ ለቻርጀር ከውጭ የመጣ መርማሪ ማጽደቁን አያሳይም። የተበላሸ CE መጥፎ ምልክት ነው፤ የተስተካከለ CE ግን ማረጋገጫ አይደለም።

በክብ ውስጥ የሚጻፈው UL ከዚህ ይለያል፤ ዕቃውን የሚመረምረው ከአምራቹ ውጭ ያለ ድርጅት ነው። ከምልክቱ አጠገብ ብዙ ጊዜ በE የሚጀምር ቁጥር ይገኛል። ያንን ቁጥር Product iQ በተባለው የድርጅቱ መፈለጊያ ውስጥ አስገቡት። ቁጥሩ መገኘቱ ብቻ አይበቃም፤ የሚወጣው የኩባንያ ስምና የዕቃ ዓይነት ፎቶው ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። የመብራት አምፖል ቁጥር ቻርጀር ላይ ተለጥፎ ከሆነ እዚያው ይታወቃል።

ችግር፦ ሁሉም ነገር ትክክል ነው፣ ዋጋው ግን አይታመንም

ፎቶው የእውነተኛ ዕቃ፣ የሚላከው ሌላ ሊሆን ይችላል። ዕቃው ብቻ እንዲቀር ፎቶውን ቆርጣችሁ በGoogle Lens ወይም በTinEye ፈልጉት። ያው ጥላ፣ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ጭረት በሌላ ሻጭ ስም ከወጣ ፎቶው ተወስዷል። ምንም አለመገኘቱ ግን ነጻ አያወጣውም፤ መፈለጊያዎቹ ሁሉንም ፎቶ አያውቁም።

ከዚህ በኋላ ፎቶ የሚነግረን የለም፤ ልቅም አድርጎ የተገለበጠን ጽሑፍ በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ክፍያው ዕቃው እስኪደርስ ገንዘቡን በሚይዝ የመገበያያ መድረክ በኩል ይሁን፤ በቀጥታ ወደ ሻጩ ሒሳብ አታስገቡ። ማስታወቂያው በኋላ ሊሰረዝ ስለሚችል፣ ከመክፈላችሁ በፊት ገጹንና የጀርባውን ፎቶ በስልካችሁ አስቀሩ። ዕቃው ሲደርስ ሶኬት ላይ ሳትሰኩት የሞዴል ቁጥሩንና ሁለቱን መስመሮች ካስቀራችሁት ፎቶ ጋር አስተያዩ። ከተለያዩ ዕቃውን ከነማሸጊያው ፎቶ አንስታችሁ፣ መድረኩ ለአቤቱታ የሰጠው ቀን ሳያልፍ አመልክቱ።