ስልኩ የቆጠረው ኪሎሜትርና እግር የሄደው፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሩጫ በኋላ ርቀት የሚቆጥረውን አፕ ሳላጠፋ ማኪያቶ አዝዤ ተቀመጥኩ። ስኒው ሲያልቅ ስልኬን ባየው ርቀቱ ጨምሯል። ስልኩ ከጠረጴዛው ንቅንቅ አላለም፤ ካርታው ላይ ግን ካፌው ዙሪያ የተዘበራረቀ ክር የመሰለ ዱካ አለ። አፑ ስልኩ ያለበትን ቦታ በየጊዜው በጂፒኤስ እንደ ነጥብ ይይዝና በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት ይደምራል፤ ነጥቦቹ ደግሞ ይሳሳታሉ።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚሳሳተው «የጂፒኤስ ስህተት ወዲያም ወዲህም ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይጣፋል» ብሎ ነው። ቦታን በተመለከተ ነገሩ እውነትነት አለው፤ ብዙ ነጥቦች ቢደመሩና አማካያቸው ቢወሰድ ትክክለኛው ቦታ አጠገብ ሊያርፍ ይችላል። ርዝመት ግን እንዲህ አይደለም። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ከዜሮ በታች ስለማይወርድ፣ ነጥቡ ወደ ግራ ሲዘል የተጨመረውን ወደ ቀኝ ሲመለስ አይቀንሰውም፤ እንደገና ይጨምርበታል። ቆሞ የሚቆጥር ስልክ በየሰከንዱ 30 ሴንቲሜትር ብቻ ቢዋልል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ 1,800 ጊዜ ይደመርና 540 ሜትር ይሆናል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሲቆሙ ቀረጻውን በእጅ ማቆም። አፑ በራሱ የሚያቆም ከሆነም ጥሩ ነው፤ ግን ፎቅ በበዛበት ሰፈር አትመኑት። ሲግናሉ ከግድግዳ ተላትሞ ስለሚደርስ ነጥቡ ብዙ ሜትር ሊዘልና አፑ የምትራመዱ ሊመስለው ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት «ነጥብ በበዛ ቁጥር ርቀቱ ይበልጥ ትክክል ይሆናል» ማለት ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ያመንኩበት ነገር ነው። በሰከንድ 1.2 ሜትር የምትራመድ ሴት በቀጥታ መንገድ ላይ አለች እንበል፤ ነጥቦቹ እየተፈራረቁ ግማሽ ሜትር ወደ ግራ፣ ግማሽ ሜትር ወደ ቀኝ ይወድቃሉ። በየሰከንዱ ነጥብ ከተያዘ እያንዳንዱ እርምጃ 1.2 ሜትር ወደ ፊትና 1 ሜትር ወደ ጎን ነው፤ ሰያፉ 1.56 ይሆናል። አንድ ኪሎሜትር ሄዳ ስልኩ 1,300 ሜትር ያህል ይጽፍላታል። በየ5 ሰከንዱ ከተያዘ ግን ወደ ፊት 6 ሜትር፣ ወደ ጎን ያው 1 ሜትር ስለሆነ ድምሩ 1,014 አካባቢ ነው። ስህተቱ ያው ሆኖ ድምሩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ። እውነተኛው ስህተት እንዲህ በየሰከንዱ አይፈራረቅም፤ የአሁኑ ከቀጣዩ ጋር ስለሚመሳሰል ጉዳቱ ያነሰ ነው። አካሄዱ ግን ይኸው ነው፤ ቀስ ብሎ የሚራመድ ከሚሮጥ ይበልጥ ይጨመርበታል።

ታዲያ ነጥቦቹን ከአጠገባቸው ካሉት ጋር እያማከሉ መስመሩን ማለስለስ ይፍታው? ሦስተኛው ስህተት የሚመጣው እዚህ ነው፤ ለስላሳ መስመር ሁሉ እውነት ይመስላል። መስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ወዲያ ወዲህ የሚሮጥ ሰው አስቡ። በሰከንድ 3 ሜትር ይሮጣል፣ አፑ ደግሞ በየሰከንዱ የሚይዘውን እያንዳንዱን ነጥብ በዙሪያው ካሉት ጋር የአምስት ነጥብ አማካይ ያደርገዋል። ሰውየው ጫፍ ደርሶ ሲዞር አምስቱ ነጥቦች ከጫፉ በ6፣ በ3፣ በ0፣ በ3 እና በ6 ሜትር ላይ ናቸው፤ አማካያቸው 3.6። ስለዚህ አፑ ጫፉን አላየውም፤ 3.6 ሜትር ሲቀረው አዞረው፤ ሲሄድም ሲመለስም ስለሚቆረጥ በአንድ መታጠፊያ 7.2 ሜትር ይጠፋል። አርባ ጊዜ ከዞረ 288 ሜትር ላቡ ቀለጠ። ሰፊ መንገድ ላይ በቀጥታ ቢሮጥ ኖሮ ይኸው ማለስለሻ የሚጠቅመው ነበር።

የቆመ ስልክ ላይ ደግሞ አጭር ማለስለሻ የሚያስተካክለው ፈጣኑን መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ቀስ እያለ ለደቂቃዎች የሚዋልለውን አይነካውም፤ አምስቱም ነጥቦች አብረው ሸሽተዋልና። ለዚህ የሚሻለው «ከመጨረሻው ነጥብ 5 ሜትር ካልራቀ አትቁጠር» የሚል ገደብ ነው። እሱም ጠባብ መታጠፊያን ይቆርጣል።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ ስልክን ስትፈትኑ። ስታዲየም ሄዶ «400 ሜትር አይደለም የሚለኝ!» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው የሮጠው፤ እዚያ አንድ ዙር 407 ሜትር ያህል ነው። 400 የሚሆነው አንደኛው መስመር ላይ፣ ከውስጡ ጠርዝ 30 ሴንቲሜትር ርቆ ሲሮጥ ነው።

አሥር ዙር ሮጣችሁ 4,000 ቢወጣም ገና አትደሰቱ። መዋለሉ የጨመረውን ማለስለሱ ቆርጦት ሁለት ስህተት ተጣፍቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ስልኩን መስኮት ላይ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፤ ስንት ሜትር እንደ «ሄደ» ያሳያችኋል። ከዚያ መታጠፊያ የበዛበት መንገድ ላይ ሞክሩትና ካርታውን አጉልታችሁ ጠርዞቹን እዩ፤ መስመሩ ከማዕዘኑ በፊት ከተጠማዘዘ የጎደለው እዚያ ነው።