ዓይናቸው የደከመ ሰዎች እንዳያነቡት የሚያደርጉ የማስታወቂያ ስህተቶች

በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ የሚዘጋጀው ኮምፒውተር ላይ ነው። አዘጋጁ ከስክሪኑ ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ ተቀምጧል፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ ጽሑፉንም በቃሉ ያውቀዋል። ለእሱ ሁሉም ነገር ይነበባል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

የፊደሉን መጠን በስክሪን መወሰን

መጠኑን የሚወስነው አንባቢው የሚቆምበት ርቀት ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። A4 ወረቀት ላይ በ14 ነጥብ እንዲህ ተጽፏል፦ «ክቡራን ደንበኞቻችን፣ ለተሻለ አገልግሎት ሲባል ቢሮአችን ከሰኞ ጀምሮ ወደ 3ኛ ፎቅ የተዛወረ መሆኑን በትህትና እንገልጻለን።» ሰው የሚያየው ከ2 ሜትር ነው።

በ14 ነጥብ የተጻፈ ፊደል ቁመቱ 3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጤናማ ዓይን ከ2 ሜትር ለይቶ የሚያነበው ትንሹ ፊደል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ደህና የሚያይ ሰው እንኳ እያፈጠጠ ነው የሚያነበው። የዕይታ መጠኑ 6/18 የሆነ ሰው ደግሞ ሌላው ከ18 ሜትር የሚለየውን እሱ የሚለየው ከ6 ሜትር ነው። ስለዚህ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 9 ሚሊ ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ያም ቢሆን የመጨረሻው ጠርዝ ነው፤ ሳይጨነቅ እንዲያነብ ቢያንስ እጥፉ ይሁንለት።

ከዚህ ተነስቶ ለአንድ ሜትር ርቀት 1 ሴንቲ ሜትር ቁመት ማሰብ ጥሩ መነሻ ነው። ለ2 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ይህ እንደ ፎንቱ ወደ 80 ነጥብ ይጠጋል። ያ ሁሉ «ክቡራን» እና «በትህትና» በ80 ነጥብ A4 ላይ እንደማይገባ ግልጽ ነው። ወረቀቱን አግድም አድርጎ «ወደ 3ኛ ፎቅ ተዛውረናል» ብቻ በትልቁ መጻፍ ይሻላል። ቀኑና ስልኩ ከሥር በ24 ነጥብ ይከተላሉ፣ ሰው ቀረብ ብሎ ያነባቸዋል። ለመቅረብ ግን ወረቀቱ በዓይን ከፍታ መለጠፍ አለበት፣ ከፊቱም ጠረጴዛ ወይም የአበባ ማስቀመጫ መኖር የለበትም። ዕይታው 6/60 የሆነ ሰው የ2 ሴንቲ ሜትሩንም ፊደል ቢሆን ቀርቦ ነው የሚያነበው።

ቀለማቱ ስለተለያዩ ብቻ ይታያሉ ብሎ ማሰብ

ቀይ በአረንጓዴ ላይ ለብዙ ሰው ደማቅ ነው። ዓይኑ ለደከመ ሰው ግን ዋናው የብርሃን ልዩነት፣ ማለትም ኮንትራስት ነው፤ የቀለሙ ዓይነት ብዙም አያግዘው። የሁለቱ ቀለማት ብሩህነት ተነጻጽሮ በቁጥር ሲለካ ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ 1 ነው፣ ከዚያ በላይ የለም። ለድረ ገጽ የወጣው WCAG የተባለው መለኪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 ይጠይቃል። ለወረቀትም ጥሩ መመሪያ ነው። ደማቅ ቀይ በአረንጓዴ ላይ እስከ 1.3 ለ 1 ሊወርድ ይችላል። ቢጫ በነጭ ላይማ ከሌለ አይሻልም። ብዙዎች «አስቸኳይ» ለሚል ቃል የሚመርጡት ንጹህ ቀይ እንኳ በነጭ ላይ 4 ለ 1 ነው። ትልቅና ወፍራም ከሆነ ይሄዳል፣ ለትንሽ ጽሑፍ ግን ጥቁሩን ተጠቀሙ፤ ቀዩን ለክፈፉ ተዉት።

መፈተሻው ቀላል ነው። ማስታወቂያውን በስልክ አንሱና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ፊደሉ ከጀርባው ጋር ግራጫ በግራጫ ሆኖ ከተቀላቀለ ቀለሙን ቀይሩ።

ዝርዝሩን በግራጫ መጻፍ

ለዲዛይነር ግራጫ ያምራል፣ ያው ስልጡን ይመስላል። ችግሩ ግራጫ የሚደረገው ሁልጊዜ ሰው የሚፈልገው ነገር መሆኑ ነው፦ ሰዓቱ፣ ስልኩ፣ የክፍል ቁጥሩ። የቀለም ኮዱ `#999999` የሆነው ግራጫ በነጭ ላይ 3 ለ 1 እንኳ አይሞላም። `#767676` መስፈርቱን ለጥቂት ያልፋል፣ ግን የአታሚው ቀለም ሲያልቅ እሱም ይደበዝዛል። ደረጃ ለማሳየት ከፈለጋችሁ መጠኑን ቀንሱ፣ ጥቁረቱን አትንኩት።

ቀጭን ፎንት

የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ይበልጥ ይጎዳል። «በ»ን ከ«ቡ»፣ «ቢ»ን ከ«ቤ» የሚለየው ትንሽ ጭረት ወይም ቀለበት ነው። መስመሩ ሲቀጥን መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። መካከለኛ ውፍረት ይበቃል። ከመጠን በላይ ከወፈረ ደግሞ የ«ቤ» ቀለበት ይደፈናል።

ፎቶ ላይ መጻፍ፣ በሚያብረቀርቅ ላሚኔት መሸፈን

ፎቶ ከቦታ ቦታ ስለሚጠቁርና ስለሚነጣ አንዱ ቃል ሲታይ ሌላው ይጠፋል። ከጽሑፉ በታች አንድ ወጥ ቀለም ያለው ሰሌዳ ማስገባት ይፈታዋል።

ላሚኔቱና መስታወቱ ግን ኮምፒውተር ላይ አይታዩም። የመብራት ወይም የመስኮት ነጸብራቅ ጥቁሩ ፊደል ላይም ስለሚያርፍ ያነጣዋል። በስክሪን 21 ለ 1 የነበረው ግድግዳ ላይ በጣም ይወርዳል፤ የዓይን ሞራ ያለበት ሰው ደግሞ ነጸብራቁ ራሱ ዓይኑን ያጭበረብረዋል። የማያብረቀርቅ ላሚኔት ምረጡ። ከለጠፋችሁ በኋላ ፀሐይ በመስኮት በምትገባበት ሰዓት አንባቢው የሚቆምበት ቦታ ላይ ቆማችሁ እዩት፤ ካብለጨለጨ ወደ ጎን ግድግዳ አዙሩት።