ለእንግዳ ሲያስተረጉሙ መጀመሪያ የመልሱን መኪና ይጠይቁ

አስኮ አካባቢ እንግዳ ይዛችሁ ከሹፌር ጋር ስታስተረጉሙ «ወደ አዲስ ዓለም ስንት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። እንግዳ ከጎናችሁ ከቆመ ጥያቄው የኮንትራት ይመስላል፤ የሙሉ መኪና ዋጋ ይነገራችኋል። «ለአንድ ሰው፣ በታሪፍ፣ ስንት ነው? ቀጥታ ትሄዳላችሁ ወይስ ሆለታ ላይ እንቀይራለን?» በሉ። ገንዘብ የሚቀበለው ረዳቱ ስለሆነ እሱም ይስማ።

ከዚያ ዋናውን ጠይቁ፦ «ከአዲስ ዓለም ወደዚህ የመጨረሻው መኪና በስንት ሰዓት ነው?» የቀኑ ዕቅድ የሚሠራው ከዚህ መልስ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው። ሚኒባስ ሲሞላ እንጂ በሰዓት አይነሳም፤ ጠዋት ቶሎ ይሞላል፣ ወደ ማታ ግን ተሳፋሪው ይሳሳል።

ለምሳሌ ሹፌሩ «11 ሰዓት» ካለ፣ ለእንግዳው በእሱ አገር አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ብላችሁ ጻፉለት። እናንተ ግን በእኛ 9 ሰዓት ተኩል ላይ አዲስ ዓለም መናኸሪያ ድረሱ። ጠዋት 1 ሰዓት ከአስኮ ተነሱና መጀመሪያ ሩቁን፣ አዲስ ዓለም ማርያምን ጎብኙ። ምሳ እዚያው ብሉ። ሆለታን ለመልስ አቆዩት፤ እዚያ ብትዘገዩ እንኳ ለአዲስ አበባ ቅርብ ናችሁ፣ መኪናም ይበዛል።

ኅዳር 21 ቀን፣ የጽዮን ማርያም ዕለት ግን ይህ ስሌት አይሠራም። ምዕመኑ ብዙ ስለሆነ መልስ ላይ ወንበር ይጠፋል፤ ያን ቀን ኮንትራት ይሻላል።