«በቀን ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ ነው የማጨሰው»፦ ስለ ሲጋራ፣ ስለ ልብና ስለ ስትሮክ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ ከተሞች ሲጋራን በፓኬት ሳይሆን በፍሬ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ጠዋት ከቡና በኋላ አንድ፣ ከምሳ በፊት አንድ፣ ማምሻውን ከጓደኛ ጋር አንድ የሚያጨስ ሰው «አጫሽ ነህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ኧረ፣ አልፎ አልፎ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱም ከልቡ ነው። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚመለከተው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። በቀን አንድ ፓኬት የሚጨርስ ሰው አደጋ ላይ መሆኑን ቢያንስ ይጠረጥራል፤ በፍሬ የሚያጨሰው ግን ልቡንና አንጎሉን የሚመግቡት የደም ቧንቧዎች እየተጎዱ መሆናቸውን የሚጠረጥርበት ምክንያት አይታየውም።

አንደኛ፦ ጉዳቱን በሳንባ ብቻ መለካት

ብዙ ሰው ሲጋራ ሲባል የሚታየው ሳል፣ አክታና የሳንባ ካንሰር ነው፤ ስለዚህ ካላሳለው ደህና እንደሆነ ያስባል። ይሁን እንጂ በጭሱ ውስጥ ያሉት ነገሮች ሳንባ ውስጥ አይቀሩም። በሰከንዶች ውስጥ ወደ ደም ይገባሉ፤ ከዚያም ደም በሚደርስበት ሁሉ ይደርሳሉ።

የደም ቧንቧ ውስጠኛ ግድግዳ እጅግ ስስ በሆነ አንድ ንብርብር ሕዋሳት የተሸፈነ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ነገር ያመነጫሉ፤ እርሱም ቧንቧው እንደ አስፈላጊነቱ እንዲሰፋና ደም ያለ ቦታው እንዳይረጋ ያደርጋል። የሲጋራ ጭስ ይህን ሥራቸውን ያዳክመዋል። ሽፋኑ ሲጎዳ በደም ውስጥ ያለው መጥፎ ኮሌስትሮል ወደ ግድግዳው ሰርጎ ይገባል፣ ግድግዳውን ያስቆጣል፣ በዓመታት ውስጥም የቅባት ክምችት ይሆናል። ሰውነት ክምችቱን በቁስል ላይ እንደሚታየው ዓይነት ቅርፊት ይሸፍነዋል። ይህ ቅርፊት አንድ ቀን ከተሰነጠቀ፣ ደሙ ውጫዊ ቁስል እንዳገኘ ሁሉ በዚያ ቦታ ላይ ይረጋል፤ የረጋውም ደም ቧንቧውን ይዘጋዋል። መዘጋቱ በልብ ቧንቧ ላይ ከሆነ ከዚያ በታች ያለው የልብ ጡንቻ መሞት ይጀምራል፤ ይህ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለው ነው። በአንጎል ቧንቧ ላይ ከሆነ ደግሞ ስትሮክ ይባላል።

ስትሮክ ሌላም መልክ አለው፤ የአንጎል የደም ቧንቧ ተቀዶ ደም ሊፈስ ይችላል። ሲጋራ የሁለቱንም ዓይነት ስትሮክ አደጋ ይጨምራል።

ሁለተኛ፦ «ጥቂት ካጨስኩ ጉዳቱም ጥቂት ነው» ብሎ ማስላት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ሒሳቡ ለሳንባ ካንሰር በመጠኑም ቢሆን ይሠራል፣ ለልብ ግን አይሠራም። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ በቀን አንድ ፍሬ ብቻ የሚያጨስ ሰው በቀን 20 የሚያጨሰው ሰው ከሚገጥመው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ያህል፣ ከማያጨሱ 100 ወንዶች መካከል በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ 10ሩ በልብ ቧንቧ ሕመም ይያዛሉ እንበል። በቀን 20 ፍሬ ከሚያጨሱ ተመሳሳይ 100 ወንዶች መካከል 20 ያህሉ ይያዛሉ። አንድ ፍሬ ብቻ ከሚያጨሱት መካከል የሚያዙት እንደ ሒሳቡ ከሆነ አሥር ተኩል መሆን ነበረባቸው፤ እውነታው ግን ወደ 15 ይጠጋል። በስትሮክም ረገድ አንድ ፍሬ ብቻ የሚያጨሰው ከተጨማሪው አደጋ ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ይወስዳል።

ምክንያቱን ለመረዳት በሐሳብ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር እንውሰድ። ዕድሜው 50 ነው፤ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ይመላለሳል፤ በቀን ሦስት ፍሬ ያጨሳል።

የመጀመሪያዋን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በደብረ ብርሃን ብርድ ቡናውን ጠጥቶ ይለኩሳል። ኒኮቲኑ ወዲያውኑ አድሬናሊን እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ የልቡ ምት ይፈጥናል፣ የደም ግፊቱ ይጨምራል፣ ብርዱ ቀድሞ ያጠበባቸው ቧንቧዎችም ይበልጥ ይጠብባሉ። ልቡ በዚህ ሰዓት የበለጠ እየሠራ ስለሆነ የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል። ነገር ግን ከዚያው ጭስ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ ገብቷል። ይህ ጋዝ ለሀገሩ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በክረምት ቤቱን ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛን ሰው የሚገድለው ይኸው ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ጥቂቱም ቢሆን የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል። ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍ በምትለው ደብረ ብርሃን ደግሞ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። የደጋ ሰው ሰውነት ይህን ለምዶታል፤ ጋዙ የሚቀንሰው ግን ከዚሁ ካለው ላይ ነው።

በደም ውስጥ ከገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግማሹ ለመውጣት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። ሾፌሩ ሁለተኛዋን ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ሲለኩስ የመጀመሪያዋ ገና አልወጣችም፤ ሦስተኛዋን 10 ሰዓት ላይ ሸዋ ሮቢት ሲለኩስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከሌሊት እንቅልፉ በቀር ደሙ ከጋዙ ነጻ የሚሆንበት ጊዜ የለም። በዚህ ላይ ጭሱ ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌት የተባሉ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው እንዲጣበቁ ያነሣሣቸዋል። ይህ ውጤት በጥቂት ጭስ ይጀምርና ቶሎ ወደ ጣሪያው ይደርሳል፤ አራተኛዋና ሃያኛዋ ፍሬ ጉዳት ቢጨምሩም የመጀመሪያዋን ያህል አይጨምሩም። የአንዷ ፍሬ አደጋ ግማሹን መንገድ የሚሄደው ከዚህ የተነሣ ነው። ሾፌሩ መንገድ ላይ ጫት ከቃመ ደግሞ ጫቱም የልብ ምቱንና የደም ግፊቱን በበኩሉ ይጨምርበታል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ አጫሾችን ቅር ያሰኛል። ከ20 ፍሬ ወደ 3 መቀነስ ለማቆም እንደ ደረጃ ከሆነ መልካም ነው፤ በ3 ላይ ለመኖር ከሆነ ግን ልብ ከዚህ የሚያተርፈው ሰው ከሚገምተው በእጅጉ ያነሰ ነው።

ሦስተኛ፦ «ተመርምሬ ደህና ነህ ተብያለሁ» ብሎ መተማመን

የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ጠቃሚ ነው፤ የልብን ምት የሚመዘግበው የኢሲጂ ምርመራም እንዲሁ። ሆኖም ሰውየው አልጋ ላይ አርፎ ሳለ የሚነሣ ኢሲጂ የሚያሳየው የልቡን የዚያን ሰዓት ሁኔታ እንጂ በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ያለውን የቅባት ክምችት አይደለም። ከዚህም በላይ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚያስከትለው ክምችት ብዙ ጊዜ ቧንቧውን አጥብቦ የከረመው ትልቁ አይደለም፤ ትንሽና ቅርፊቱ ስስ የሆነውም ተሰንጥቆ በደቂቃዎች ውስጥ ቧንቧውን ሊዘጋ ይችላል። ትናንት ዳገት ያለ ድካም የወጣ ሰው ዛሬ በሕመሙ ሊወድቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ለሐኪም «አላጨስም» ማለትም የዚሁ ስህተት አካል ነው። ሐኪሙ የሕመምተኛውን አደጋ የሚገምተው ዕድሜን፣ ግፊትን፣ ስኳርንና ሲጋራን አንድ ላይ አይቶ ስለሆነ፣ ሦስቷ ፍሬ ከተደበቀች ግምቱ ይሳሳታል።

አራተኛ፦ በማጣሪያ፣ በሺሻ ወይም በጋያ መጽናናት

የሲጋራ ማጣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስቀርም። «ቀላል» የተባለውን ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም የለመደውን ኒኮቲን ለማግኘት ሳይታወቀው ጠለቅ አድርጎ ይስባል። በሺሻም ሆነ በጋያ ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጠራውም፤ ሺሻ እንዲያውም ትንባሆውን የሚያሞቀው ከሰል ስለሆነና ለረጅም ሰዓት ስለሚጨስ፣ ወደ ደም የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአንድ ፍሬ ሲጋራ የበለጠ ነው።

አምስተኛ፦ በብርድ ምክንያት ቤት ውስጥ ማጨስ

በደጋው ብርድ በርና መስኮት ተዘግቶ ሲጨስ ባለቤትና ልጆች አብረው ይስባሉ። የሌላውን ሰው ጭስ ዘወትር የሚስብ የማያጨስ ሰው በልብ ሕመም የመያዝ አደጋው ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል፤ በስትሮክም ጭማሪው ተቀራራቢ ነው። ይህ አኃዝ ከሚሳበው ጭስ ማነስ አንጻር ሲታይ ትልቅ የሆነው በሁለተኛው ክፍል በተገለጸው ምክንያት ነው።

ስድስተኛ፦ «ከዚህ በኋላ ባቆም ምን ዋጋ አለው?»

ሠላሳ ዓመት ያጨሰ ሰው እንዲህ ሲል መስማት የተለመደ ነው። ሳንባን በተመለከተ የጠፋው ሁሉ አይመለስም። ልብ ግን ከዚህ ይለያል፤ ምክንያቱም ከጉዳቱ ከፊሉ፣ ማለትም የደም ለመርጋት መቸኮል፣ የቧንቧ መጥበብና የካርቦን ሞኖክሳይድ መኖር፣ የሚቆየው ጭሱ እስካለ ድረስ ነው። ጋዙ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከደም ይወጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከማጨስ የመጣው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ የስትሮክም አደጋ በሚከተሉት ዓመታት እየወረደ ይሄዳል። የቀረው፣ ማለትም በግድግዳው የተከማቸው ቅባት፣ ቀስ ብሎ ስለሚረጋጋ ሙሉ ለውጡ 15 ዓመት ገደማ ሊወስድ ይችላል።

ሰባተኛ፦ ምልክቱን ለብርድ፣ ለጨጓራ ወይም ለምች መስጠት

በደረት መካከል የሚጫን ወይም የሚጨብጥ ሕመም ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ ከተሰራጨ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣና በዕረፍት ካልተወ፣ ብርድ ነው ብሎ ማሸት ወይም ጨጓራ ነው ብሎ እስኪነጋ መጠበቅ የልብ ጡንቻ እየሞተ እንዲቆይ መፍቀድ ነው። በሴቶችና በስኳር ሕመምተኞች ላይ ደግሞ ሕመሙ ደብዛዛ ሆኖ ማቅለሽለሽና ድካም ብቻ ሊታይ ይችላል።

የስትሮክ ምልክት የሚታወቀው በድንገተኛነቱ ነው፤ ፊት በአንድ በኩል ይወድቃል፣ አንድ እጅ ሲነሣ ይዝላል፣ ንግግር ይተሳሰራል። ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢተውም ሰውየው ተሽሎታል ማለት አይደለም፤ ትልቁ ስትሮክ ሊከተል እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ነው። በስትሮክ ጊዜ ቤት ውስጥ አስፕሪን መስጠት አይገባም፤ ቧንቧው ተዘግቶ ይሁን ተቀዶ የሚለየው እንደ ሲቲ ስካን ባለ የአንጎል ምስል ምርመራ ብቻ ስለሆነና ደም እየፈሰሰ ከሆነ አስፕሪኑ ስለሚያባብሰው ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በሚገኝበት ሆስፒታልም ቢሆን በመደበኛነት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመንዝ ወይም ከመርሐ ቤቴ ገጠር ሕመምተኛ ይዞ የሚነሣ ቤተሰብ በመጀመሪያ ሊይዘው የሚገባው መረጃ ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበት ሰዓት ነው፤ ተኝቶ ሳለ ከታመመም የሚቆጠረው ከነቃበት ሰዓት ሳይሆን ደህና ሆኖ ከተኛበት ሰዓት ነው።